ቸኮሌት ሊቅ ያደርጋል እንዴ?

የሁለት ነገሮችን ዝምድና የሚያሳይ ግራፍ ያየ ሰው እንዲህ ይላል፦ «ነጥቦቹ መስመሩን ተከትለው ነው የተደረደሩት። ታዲያ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ይሄ ካላሳየ ምን ሊያሳይ ነው?»

የሚያሳየውማ አለ። አንዱ ከፍ ሲል ሌላውም አብሮ ከፍ እንደሚል፣ በአማካይ በምን ያህል እንደሚጨምርም ያሳያል። «ለምን?» የሚለው ግን ግራፉ ላይ የለም።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) ፍራንዝ ሜሰርሊ የተባለ ሐኪም በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ግራፍ አወጣ። 23 አገሮች፣ 23 ነጥቦች። አግድም፣ አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ቸኮሌት። ሽቅብ፣ ከአሥር ሚሊዮን ሕዝብ ስንት የኖቤል ተሸላሚ እንደወጣ። ነጥቦቹ ለመስመሩ ምን ያህል እንደሚቀርቡ የሚለካው የተዛምዶ መጠን 0.79 ደረሰ። ጣሪያው 1 ስለሆነ ይህን ያገኘ ተመራማሪ ቢጨፍር አይፈረድበትም።

ግን ነጥቡን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዱ ነጥብ ስዊዘርላንድ ናት እንጂ አንድ የስዊዘርላንድ ሰው አይደለም። ተሸላሚዎቹ ራሳቸው ቸኮሌት ይብሉ አይብሉ ግራፉ አያውቅም። አገርን ከአገር አወዳድሮ ስለ ግለሰብ መናገር፣ በእኔ ግምት፣ ሰው ሳያውቀው በብዛት የሚሠራው ስህተት ነው።

ጊዜው ደግሞ ይባስ። ሽልማቱ የተቆጠረው ከ1901 ጀምሮ ነው፤ የቸኮሌቱ መረጃ ግን ከ2002 ወዲህ ያለ ነው። አንስታይን የ1921ዱን ሽልማት ያገኘው በ2010 በተበላ ቸኮሌት ነው እንዴ? መስመሩን የሚያሰምረው ፕሮግራም ይህን አይጠይቅም። የሚያየው ሁለት ረድፍ ቁጥር ብቻ ነው። የረድፎቹን ቦታ ብታለዋውጡለት እንኳ 0.79 ንቅንቅ አይልም። «ሽልማት ቸኮሌት ያስበላል» ማለትም በዚያው ቁጥር ይቻላል።

ሳይጠራ የቀረ ሦስተኛ ነገርም አለ፦ ሀብት። ሀብታም አገር ቸኮሌትም ይገዛል፣ ላቦራቶሪም ይሠራል። መፈተኛው ገቢያቸው የሚቀራረብ አገሮችን ብቻ ለይቶ እንደገና ማየት ነው። ዝምድናው ከሟሸሸ፣ ሲሸከመው የነበረው ሀብት ነው ማለት ነው። ካልሟሸሸም ገና ያልለካነው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል።

«እንግዲያው እንዲህ ያለ ግራፍ ሁሉ ቀልድ ነው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። በ1955 የብሪታንያው ሐኪም ሪቻርድ ዶል 11 አገሮችን ተመሳሳይ ግራፍ ላይ አስቀመጠ፤ የ1930 የሲጋራ ፍጆታን ከ1950 የወንዶች የሳንባ ካንሰር ሞት ጋር። ነጥቦቹ ከቸኮሌቱ የበለጠ መስመር አልያዙም። ግን ሲጋራው ከሞቱ 20 ዓመት ይቀድማል። ደግሞ ዶል በግራፉ ብቻ አልተማመነም። ከባልደረባው ጋር ከ1951 ጀምሮ ወደ 40,000 የሚጠጉ የብሪታንያ ሐኪሞችን የማጨስ ልማዳቸውን አንድ በአንድ ጠይቆ፣ ለዓመታት ተከታተላቸው። አብዝተው ያጨሱት በሳንባ ካንሰር ይበልጥ ሞቱ፤ ማጨስ ያቆሙት ደግሞ አደጋው እየቀነሰላቸው ሄደ። ያ የ11 ነጥብ ግራፍ ከእነዚህ አንዱንም ብቻውን ሊነግረን አይችልም ነበር።