ተሸላሚዎቹ አልተዘናጉም

«በመጀመሪያው ሞዴል ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡት ተማሪዎች ከማጠናከሪያ ትምህርቱ በኋላ ተሻሽለዋል፤ የተሸለሙት ግን ተዘናግተው ወርደዋል። ስለዚህ ሽልማቱ ይቁም፣ ገንዘቡም ወደ ማጠናከሪያው ይዙር።» ሰሞኑን በድሬዳዋ በተካሄደ የትምህርት ግምገማ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት።

ከዚህ ንግግር ውስጥ በጣም ያስቆጣኝ «ተዘናግተው» የሚለው ቃል ነው። ሌሊቱን ሲያጠኑ ያደሩ ልጆች ያለ ምንም ማስረጃ በስንፍና ተከሰዋል። ለክሱ የቀረበው ብቸኛ ምክንያት የነጥባቸው መውረድ ሲሆን፣ ያ መውረድ ግን ማንም ባይሸለም፣ ማንም ባይዘናጋም የሚመጣ ነበር።

የከተማችን ተማሪዎች ዝርዝር ውጤት ስላልወጣ፣ ለስሌት የሚመቹ ቁጥሮችን ለምሳሌ ልውሰድ። የአንድ ተማሪ የመጀመሪያና የሁለተኛ ፈተና ነጥቦች በጥንድ ሲታዩ ባለ ሁለት ተለዋዋጭ ኖርማል ስርጭት አላቸው እንበል። የሁለቱም ፈተናዎች አማካይ 50፣ መደበኛ ልይይታቸው፣ ማለትም ነጥቦቹ በአማካዩ ዙሪያ የሚበተኑበት ልክ፣ 15፣ በመካከላቸው ያለው ተዛምዶ፣ ማለትም የሁለቱ ነጥቦች አብሮ የመሄድ መጠን፣ ደግሞ 0.6 ይሁን። በዚህ ስርጭት ውስጥ የመጀመሪያው ነጥብ ከታወቀ የሁለተኛው ነጥብ ስርጭት እንደገና ኖርማል ነው፤ አማካዩ ግን ይለወጣል። ሁለቱ ፈተናዎች እኩል ልይይት ስላላቸው፣ ተማሪው ከ50 የራቀበትን ርቀት በተዛምዶው አባዝቶ ወደ 50 መጨመር ይበቃል። በመጀመሪያው ፈተና 20 ላመጡት 50 + 0.6 × (20 − 50) = 32 ይሆናል፤ 80 ላመጡት ደግሞ በዚያው ስሌት 68። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 12 ነጥብ ሲወጡ ሁለተኛዎቹ 12 ነጥብ ወረዱ፤ በስሌቱ ውስጥ ግን ሽልማትም ማጠናከሪያም የለም።

ይህ አማካይ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ በዙሪያው ይበተናል። የብተናው ልክ የመጀመሪያው መደበኛ ልይይት ከአንድ የተዛምዶው ካሬ ተቀንሶ በሚገኘው ቁጥር ካሬ ሥር ሲባዛ የሚገኘው ነው፦ 15 × 0.8 = 12። እንግዲህ 20 ካመጡት ልጆች የሚጠበቀው 32 ከሆነና ልይይቱ 12 ከሆነ፣ 20 ከአማካዩ ልክ አንድ ልይይት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ከእነዚህ ልጆች መካከል 84 በመቶ የሚሆኑት በሁለተኛው ፈተና ከ20 በላይ ያመጣሉ። ከመቶው ሰማንያ አራቱ «ተሻሻሉ» ማለት ነው፤ አንድም መምህር ተጨማሪ ሰዓት ሳያስተምራቸው።

ምክንያቱ ከተማሪው ወንበር አጠገብ ሲታይ ግልጽ ነው። ሳቢያን ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በከሰዓት ሙቀት የተቀመጠ ልጅ መልሳቸውን የማያውቃቸው አሥር ባለ አራት ምርጫ ጥያቄዎች ቢገጥሙትና ቢገምት፣ የሚጠበቅለት ሁለት ተኩል ያህል ትክክል መልስ ነው። አንዱ ግን አምስት ይመታል፣ ሌላው ምንም አይመታም፤ ሁለቱም የሚያውቁት እኩል ነው። «ዝቅተኞቹን» ብለን ስንመርጥ ዕውቀት ያነሳቸውን ብቻ ሳይሆን ቀኑ የከፋባቸውንም ለይተን እንሰበስባለን። የቀኑ ክፋት ደግሞ ወደሚቀጥለው ፈተና አብሯቸው አይሄድም። ከላይ በተመረጡትም ላይ ተቃራኒው ይሆናል፤ ቀናቸው የሰመረላቸው ከሚገባቸው ቁጥር በላይ ተሰብስበዋል።

ይህን ሁሉ የማይቀበል ሰው ቢኖር አንድ ነገር እንዲያደርግ እጠይቀዋለሁ። የተማሪዎቹን ውጤት የያዘውን የኤክሴል ፋይል ይክፈትና በመጀመሪያው ፈተና ሳይሆን በሁለተኛው ፈተና ዓምድ ያሰልፈው። ከዚያም በሁለተኛው ፈተና የመጨረሻዎቹ የሆኑት በመጀመሪያው ምን አምጥተው እንደነበር ይመልከት። በምሳሌዬ፣ በሁለተኛው 20 ያመጡት በመጀመሪያው በአማካይ 32 ነበራቸው፤ በሁለተኛው 80 ያመጡት ደግሞ 68። ያው ፋይል፣ ያው ልጆች፣ ያው ነጥቦች ናቸው፤ አሁን ግን ደካሞቹ ወርደው፣ ጎበዞቹ ወጥተው ይታያሉ። በኃላፊው አመክንዮ ከሄድን፣ ማጠናከሪያው ደካሞቹን ጎድቷል፣ ሽልማቱ ጎበዞቹን አትግቷል ብለን ልንፈርድ ነው። በአንድ ዓምድ ሲሰለፍ ሽልማትን የሚያስቆም፣ በሌላ ዓምድ ሲሰለፍ ሽልማትን የሚያስቀጥል ማስረጃ ማስረጃ አይባልም። ጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ ሽልማት ያለፈውን ፈተና ሊያወርድ አይችልምና፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚታይ ወደ አማካይ መመለስ መንስኤው ሽልማት ሊሆን አይችልም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን የወላጆችንና የልጆችን ቁመት አጥንቶ በ1886 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህንኑ ነበር። የሁለቱ ወላጆች አማካይ ቁመት ከሕዝቡ አማካይ ከራቀበት ርቀት ልጆች በአማካይ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እንደሚወርሱ አሳየ፤ ከልጆቹ ተነስቶ ወደ ወላጆቹ ሲሄድም የወላጆቹ አማካይ ርቀት የልጆቹ ርቀት አንድ ሦስተኛ ብቻ ሆኖ አገኘው። የስርጭቱን ሒሳብ የሠራለት የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ሃሚልተን ዲክሰን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር በድሬዳዋ የስብሰባ አዳራሽ እንደ አዲስ ግኝት መቅረቡ ያሳዝናል።

«ዝቅተኛው ወደ መሃል፣ ከፍተኛውም ወደ መሃል ከሄደ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆን ነበር» የሚል መከራከሪያም ሰምቻለሁ። አይሆንም። የሁለተኛው ፈተና ጠቅላላ ልይይት በካሬ 225 ነው፤ ከዚህ 81ዱ ከመጀመሪያው ፈተና የሚመጣ፣ 144ቱ ደግሞ አዲስ ብተና ነው። ከዳር ወደ መሃል የተመለሱትን ቦታ ከመሃል ወደ ዳር የሄዱ ሌሎች ይሞሉታል። ሽልማት ጎበዞቹን በእውነት አውርዶ፣ ማጠናከሪያም ደካሞቹን በእውነት አንስቶ ቢሆን ኖሮ ግን የሁለተኛው ፈተና ልይይት ከመጀመሪያው መጥበብ ነበረበት። ሁለቱ ፈተናዎች በክብደት ከተመሳሰሉ ይህ አንድ ቁጥር ብዙ ይናገራል፤ በግምገማው ላይ ግን አልቀረበም።

ማጠናከሪያ ትምህርት አይጠቅምም አላልኩም፤ መጥቀሙ አልታየም ነው ያልኩት። በምሳሌዬ የዝቅተኛው ሩብ ተማሪዎች አማካይ ምንም ሳይደረግ ከ31 ወደ 39 ገደማ ከፍ ይላል፤ ማጠናከሪያው ሊመሰገን የሚችለው ከዚህ በላይ ለተገኘው ብቻ ነው። መነሻውም በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። የከተማው ትምህርት ቤትና የገጠር ቀበሌው ትምህርት ቤት አማካያቸው ከተለያየ፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚመለሰው ወደ ራሱ ትምህርት ቤት አማካይ እንጂ ወደ አስተዳደሩ ጠቅላላ አማካይ አይደለም። ፈተናው ቀላል ሆኖ ብዙዎች መቶ አካባቢ ቢከማቹ ደግሞ ቀጥተኛው መስመር ይታጠፋል፣ ስሌቱም በዚያ ጫፍ አይሠራም። ከሁሉ የሚሻለው፣ ቦታ ለሁሉም በማይበቃበት ትምህርት ቤት ከዝቅተኞቹ መካከል የሚገቡትን በዕጣ ለይቶ፣ የገቡትን ካልገቡት ጋር ማወዳደር ነው። ሁለቱም ቡድኖች እኩል ወደ አማካይ ስለሚመለሱ፣ የሚቀረው ልዩነት የማጠናከሪያው ነው።

ስለዚህ የሁለቱ ፈተናዎች አማካይ፣ መደበኛ ልይይትና ተዛምዶ በየትምህርት ቤቱ ይታተም፤ እስከዚያ ድረስ ሽልማቱን የማቆሙ ውሳኔ ይታገድ፣ «ተዘናግተው» የሚለው ቃልም ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝ።