እርማት፦ ዶላር ባይነቃነቅም ብር ይንቀሳቀሳል

«እኛ ጅማ ላይ ቡና የምንሸጠው በዶላር ዋጋ ነው። የዶላር ምንዛሪ ካልተለወጠ ብር አልጠነከረም፣ አልደከመምም።»

ወንድሜ፣ ይህ ስሕተት ብዙ ነጋዴ ያሳስታል። ውሉ በዶላር ቢጻፍም ቡናውን የሚገዛው ጀርመን ሊሆን ይችላል። ብር ከንግድ ሸሪኮቻችን ገንዘቦች ሁሉ አንጻር በአማካይ መጠንከር መድከሙን በሚያሳየው በውጤታማ የምንዛሪ ተመን መለኪያ፣ ክብደት የሚሰጠው ለንግድ ሸሪኩ አገር ነው፤ ሒሳቡ የተከፈለበት ገንዘብ አይታይም። ስለዚህ የጀርመን ድርሻ በዩሮ ይቆጠራል።

ለምሳሌ ያህል በንግዳችን ውስጥ የዶላር አገሮች ድርሻ 20 በመቶ፣ የዩሮ 40፣ የቻይና ዩዋን 40 ይሁን። የመለኪያው መነሻ 100 ነው። ዶላር ባለበት ቆሞ ብር ከዩሮ አንጻር 10 በመቶ፣ ከዩዋን አንጻር 5 በመቶ ጠነከረ እንበል። እያንዳንዱ ለውጥ ድርሻው አርቢ ሆኖለት እርስ በርሱ ይባዛል፦

```
100 × 1.00^0.20 × 1.10^0.40 × 1.05^0.40 ≈ 106
```

ዶላር ሳይነቃነቅ ብር 6 በመቶ ያህል ጠነከረ ማለት ነው። የሳዑዲ ሪያል ግን በ3.75 ከዶላር ጋር ስለታሰረ፣ ለዚያ ገበያ የዶላሩ ተመን በቂ ምልክት ይሰጥሃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዋጋ ንረቱ ነው። በዚያው ጊዜ የአገር ውስጥ ዋጋ 20 በመቶ፣ የሸሪኮቻችን በአማካይ 4 በመቶ ቢያድግ፣ 106 በ1.20 ተባዝቶ ለ1.04 ሲካፈል 122 ገደማ ይደርሳል። የዋጋ ንረቱ ልዩነት የተሰላበት፣ «እውነተኛ» የሚባለው ተመን ይህ ነው። ለለቃሚና ለማጓጓዣ በብር የምታወጣው ወጪ ሲያድግ ከዶላሩ የምታገኘው ብር ያው ነው።