ሃፒ በርዝደይ ጉድ ሠራኝ

እሺ፣ አሁኑኑ ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም።

ዛሬ በሰው ፊት ተዋረድኩ። በምን? በሃፒ በርዝደይ! አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃን እያጨበጨበ በሚዘፍነው ሃፒ በርዝደይ!

ሙዚቃ መማር ጀምሬያለሁ፤ አሁን የያዘኝ ሁለት ድምፅ ሰምቶ ርቀታቸውን በጆሮ መለየት ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በየማለዳው ሃያ ደቂቃ፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ከስልኬ ጋር ስታገል ነበር። ስልኩ ሁለት ድምፅ ያሰማኛል፤ እኔ በመሃላቸው ያለውን ርቀት እናገራለሁ። ዘዴው ደግሞ ሁሉም የሚያወራለት ዘዴ ነው፦ ለእያንዳንዱ ርቀት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ኢንተርቫል፣ የምታውቀውን ዘፈን መነሻ ያዝ። ፊፍዝ፣ ማለትም ከታችኛው እስከ ላይኛው አምስት ድምፅ የሚቆጠርበት ርቀት ሲመጣ «ትዊንክል ትዊንክል»። ሜጀር ሲክስዝ ሲመጣ «ማይ ቦኒ»። ሰንጠረዥ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ተመርሯል። ጥርሴን ስቦርሽ ሳይቀር ማይ ቦኒ ነኝ።

ለፎርዝ፣ አራት ድምፅ ለሚቆጠርበት፣ ብዙ ሰው የሙሽራ ማርሹን ነው የሚይዘው። እኔ ብልጡ ግን ሃፒ በርዝደይን መረጥኩ። «ሃፒ በርዝ-ዴይ ቱ ዩ» ሲባል «ዴይ» እና «ቱ» መሃል ያለችው ዝላይ ፎርዝ ናት። ከሶል ወደ ላይኛው ዶ። አምስት ግማሽ ቶን፣ ማለትም ፒያኖ ላይ ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥረህ አምስት ቁልፍ ወደ ላይ። ማን ይረሳታል? ብዬ ነበር።

ትናንት ማታ ከሃያ ጥያቄ አስራ ዘጠኙን መለስኩ። አስራ ዘጠኝ! ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። ሰው እንዲህ ነው፤ ሲሳካልህ አይገባውም።

እና ዛሬ ክፍል ገባሁ። ደረቴን ነፍቼ።

አስተማሪያችን ልጅ ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል። አንቱ ነው የሚለኝ። ስድብ በአንቱ ሲመጣ እንዴት እንደሚያቃጥል ያልደረሰበት አያውቀውም። ፒያኖው ላይ ተቀመጠና ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ ብሎ አኮርዱን መታ። ከዚያ ሁለት ድምፅ አሰማን። ታችኛዋ ዶ ናት፣ እሱን ሁላችንም አውቀናል። ላይኛዋ ናት ጥያቄዋ።

«እስቲ እርስዎ ይሞክሩ» አለኝ።

«አንዴ ድገምልኝ።»

ደገመ። በሆዴ ማዜም ጀመርኩ። በሆዴ መስሎኝ! ለካ ድምፄ ይሰማል።

«ልደት ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ። እኔ ላብ በላብ።

«ፊፍዝ!» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አዎ!»

«እስቲ የሚያዜሙትን ጮክ ብለው ያሰሙን።»

ወንበሩ ቢውጠኝ ምን ነበረበት። ዘፈንኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ኬክ በሌለበት፣ ሻማ በሌለበት፣ ብቻዬን ሃፒ በርዝደይ ዘፈንኩ። እሱ ደግሞ እያንዳንዷን ድምፅ በፒያኖ ይከተለኛል። «ቱ» ላይ ስደርስ ጣቱን አንስቶ አየኝ።

«ይሄኮ ሁለተኛው መስመር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የመጀመሪያውን ነው መዝፈን የነበረብዎት።»

አሁን በእርጋታ አስቡት። (እኔ እርጋታ የለኝም፣ እናንተ አስቡት።) የዘፈኑ የመጀመሪያ መስመርና ሁለተኛ መስመር ቃላቸው አንድ ነው። ፊደል በፊደል አንድ! ዜማቸው ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያው መስመር «ቱ» ላይ ከሶል ወደ ዶ ነው የሚዘለው፣ ፎርዝ። በሁለተኛው ግን ከሶል ወደ ሬ ነው፣ ሰባት ግማሽ ቶን፣ ፊፍዝ። በሦስተኛው መስመር ይባስ፦ «ሃፒ» ብሎ ሶል ላይ ይቆምና «በርዝ» ሲል አስራ ሁለት ግማሽ ቶን ይዘላል። ኦክታቭ ነው! ፎርዝ፣ ፊፍዝ፣ ኦክታቭ፣ በተከታታይ መስመር። ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ወጥመድ?

በነገራችን ላይ በየልደቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚጮህና እንደሚሰነጠቅ ዛሬ ገባኝ። የዘፈኑ የመጀመሪያዋ ድምፅ ከዘፈኑ ሁሉ ዝቅተኛዋ ናት። ከሷ በታች የሚወርድ የለም። ስለዚህ አንዱ ቀዳሚ ተነስቶ በሚመቸው ድምፅ ሲጀምር፣ ሁላችንንም ኦክታቭ አናት ላይ ሰቅሎን ነው። ዝቅ አድርጎ መጀመር ሲገባው! ስንት ዓመት ሙሉ በኔ ድምፅ ሲስቁ ኖረዋል፣ ጥፋቱ የቀዳሚው ነበር። ይቅርታ ይጠየቅልኝ።

ወደ ውርደቴ ልመለስ። አላለቀም።

ከፊት ወንበር አንድ ልጅ አለ፣ አስር ዓመት ቢሆነው ነው። ዞሮ አየኝና፦

«ጋሼ፣ ፋ እኮ ነው። ፎርዝ ነው» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ? የትኛውን ዘፈን ይዘህ ነው?»

«ዘፈን አልያዝኩም። ፋ ነዋ!»

ፋ ነዋ! ሰው ሲያዩ «እማዬ ናታ» እንደሚባለው። ጎረቤቷን አየ፣ ስሟን ጠራ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ስድስት ሳምንት መታወቂያዋን ስፈትሽ የከረምኩ ሰው።

እህቴ ነግሬያት «እና ልጁ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ምንም! እሱ ነው የሚያናድደው!

አስተማሪው ከክፍል በኋላ አስቀርቶ አስረዳኝ። እውነት ለመናገር ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳኝ፤ ስለዚህ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። ያልኳችሁ ፎርዝ በሃፒ በርዝደይ ውስጥ ከሶል ወደ ዶ ነው አይደል? ዶ ቤት ናት። ስለዚህ ላይኛዋ ድምፅ ስትደርስ ያረፍክ፣ የገባህ ይመስልሃል። ዛሬ የተጠየቅኩት ግን ከዶ ወደ ፋ ነው። እዚህ ቤት ታችኛዋ ናት። ላይኛዋ ፋ ላይ ስትደርስ አታርፍም፤ ወደ ሚ ልውረድ ልውረድ እያለች ትጎትትሃለች። ርቀቱ ያው አምስት ግማሽ ቶን ነው፣ ስሜቱ ግን የመድረስና የመነሳት ያህል ይለያያል። እሱ አኮርዱን መትቶ ቤቱን ነግሮኛል። እኔ ዘፈኔን ይዤ ያንኑ ዶ ሶል ነሽ ልላት ስታገል፣ ጆሮዬ እምቢ አለ። በዚያ ግርግር «ቱ» የትኛው መስመር ላይ እንዳለች ጠፋችብኝ።

ሌላም አለ። ሳዜም የራሴ ድምፅ የፒያኖውን ድምፅ አጠፋው። ሁለቱን ድምፆች ሰምቼ፣ ከዚያ «ሃፒ በርዝ…» እያልኩ አራት ድምፅ ጨምሬ፣ የማወዳድረው ላይኛው ድምፅ ከጆሮዬ በኖ ሄዷል። ስለዚህ የመለስኩት የሰማሁትን ሳይሆን የዘፈንኩትን ነው።

ታዲያ ስልኩ ላይ አስራ ዘጠኝ ከሃያ እንዴት አመጣሁ? ኸረ ተዉኝ። አሁን ታክሲ ውስጥ ከፍቼ አየሁት። ስልኩ ሁልጊዜ ከአንዲት ድምፅ ነው የሚነሳው። ሁልጊዜ! ስድስት ሳምንት ሙሉ ርቀት ሳይሆን የተማርኩት «ላይኛዋ እንዲህ ከጮኸች ይሄን ቁልፍ ንካ» ነው። ቅንብሩ ውስጥ መነሻ ድምፅ የሚቀያየርበት ነገር ነበረ፤ አበራሁት፣ ሃያ ጥያቄ ሞከርኩ። ዘጠኝ። ዘጠኝ ከሃያ! ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወደ ታች የሚወርዱትን ሲጠይቀን ዝም ያልኩትም በዚሁ ነው። ሰንጠረዤ ሁሉ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ፎርዝን ወደ ታች ሲጫወትልኝ በየትኛው ልደት ልዝፈነው? ለቁልቁለቱ ሌላ ዘፈን ያስፈልጋል፤ የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ መነሻ ለሚወርድ ሜጀር ሰርድ ነው፣ «ፉር ኤሊዝ» ለሚወርድ ማይነር ሰከንድ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ሲመቱ ደግሞ መነሻ የሚባል ነገር ስለሌለ ዘፈኑ በየት ይግባ? ሰንጠረዤ ግድግዳውን ሊሞላ ነው። ከእንግዲህ ኮርኒሱ ላይ ነው የምለጥፈው።

ሰበብ ልፈልግ ካልኩማ አለኝ። ጆሮዬ ያደገው በትዝታ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ የት አለች? የለችም! ያላሳደጉኝን ድምፅ በምን ላውቃት? ይሄን ለአስተማሪው ስነግረው ሳቀ። «ልጁም እኮ ትዝታ ይሰማል» አለኝ። ዝም አልኩ።

የሰጠኝን የቤት ሥራ ልንገራችሁ፤ ነገ ጠዋት እየተናደድኩም ቢሆን እሠራዋለሁ። አኮርዱን ልምታ፣ ዶ ሚ ሶል ዶ። አይኔን ጨፍኜ ከላይ አንዷን ቁልፍ ልንካ። ዘፈን የለም። ከዚያች ድምፅ በድምፄ ደረጃ በደረጃ ወርጄ ቤቴ ልግባ። ፋ ከሆነች «ፋ፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ» ብዬ በአራተኛዋ እገባለሁ፤ አራት ድምፅ ቆጠርኩ፣ ፎርዝ ናት። ሶል ከሆነች አምስት፣ ፊፍዝ። ከዚያ ሌላ ቁልፍ ላይ ሄጄ አዲስ ዶ ላብጅና እንደገና። ለአንድ ሳምንት ሁለቱን ብቻ፣ አስር ደቂቃ። «ሲቆይ መውረዱን ይተዉታል» አለኝ። ሲቆይ ማለት መቼ ማለት እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ መልሱ ያንን ልጅ ይጨምር ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ሃፒ በርዝደይንስ ልጣላት? አይ፣ አትጣሏት አለ። ሦስቱን ዝላዮች በየመስመራቸው ለይቼ፣ «ቱ»ን ከፊቷና ከኋላዋ ቆርጬ፣ ሁለቱን ድምፅ ብቻ መዝፈን ከቻልኩ ትጠቅማለች አለኝ። ከመነሻዋ ተነስቼ ካልሄድኩ የማላገኛት ከሆነ ግን አላወቅኳትም ማለት ነው። ሞከርኩት። «ዴይ-ቱ»። «ዴይ-ቱ»። ታክሲ ውስጥ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ልደት ነው። ቀድማ ደውላ «አንተ ትጀምርልናለህ፣ ሙዚቃ እየተማርክ አይደል?» ብላኛለች።

ዝቅ አድርጌ ነው የምጀምረው። በጣም ዝቅ አድርጌ።