እስቲ ልንጠልጠልበት

ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ስፖርት የሚጀምር ሰው ከሰውነቱ በፊት በሩን ማስመርመር አለበት። ስልካችን ላይ የምናየው ጎረምሳ መንጠልጠያውን ከበሩ በላይ ባለው ወፍራም የእንጨት ጠርዝ ላይ ጣል አድርጎ ሽቅብ ይሳባል። የእኛ የበር ፍሬም ግን ብዙውን ጊዜ ስስ ላሜራ ነው፤ ጣል የሚደረግበት ጠርዝ የለውም። የሚቀረን በሁለቱ የበር ጎኖች መካከል እየተጠመዘዘ የሚወጠረው ብረት ነው። እሱ ደግሞ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ፍሬሙን በመግፋቱ ብቻ ነው የሚይዘው። ሲያጠብቁት ላሜራው ይጎብጣል፣ ሲያላሉት ሰውየው ይወርዳል።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው፦ በጎማው ዙሪያ በእርሳስ ማስመር፣ እግርን ከመሬት ሳያነሱ ቀስ በቀስ ክብደትን መጣል፣ ከዚያ መስመሩን ማየት። ጎማው ከመስመሩ ከተንሸራተተ ያ ብረት ለፎጣ እንጂ ለሰው አይሆንም። የጸናም ቢሆን በመጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይሰቀል፤ ጉልበት አጥፎ መንጠልጠል ይቻላል፣ ቢወድቁም ከቅርብ ነው። ጉዳቱ፣ ከዚያ በኋላ ወደ መኝታ ቤት የሚገባ ሁሉ የደብር ደጃፍ እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ ማለቱ ነው።

ዳምቤሉ ሌላ ጣጣ አለው። በዳዶ የሚታሰረው ዓይነት ጥንዱ 20 ኪሎ ነው እንበል፤ እያንዳንዱ ባለ 2 ኪሎ ዘንግና አራት ባለ 2 ኪሎ ዲስክ። ለትከሻ 10 ኪሎው ይበዛል፣ ለእግር ያንሳል። ታዲያ በየመሃሉ ዳዶ ሲፈታና ሲያስር የሚውል ሰው ስፖርተኛ ሳይሆን ጎሚስታ ይሆናል። ብልሃቱ መጀመሪያ ዲስኩን ሁሉ አንዱ ዘንግ ላይ ጭኖ (ርዝመቱ ከፈቀደ 18 ኪሎ ይሆናል) ደረት ላይ አቅፎ ቁጢጥ ብድግ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ፈትቶ ለሁለት ያካፍላል፤ የጀርባውንና የደረቱን በዚያው ይጨርሳል። ክብደቱ ሲቀለው አዲስ ዲስክ ከመግዛት በፊት አወራረዱን ሦስት አራት ሰከንድ ያዘግየው። ከታች ያሉት ጎረቤትም ምንጣፍ እስኪነጠፍ «በዚህ ሰዓት ምን ትወቅጣላችሁ?» ማለታቸውን አይተዉም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ትልቁ ፈተና እንግዳ ነው። ቡና ሊጠጣ የመጣ ወንድ ሁሉ ያንን ብረት ሲያይ «እስቲ ልንጠልጠልበት» ሳይል አይሄድም። ባለፈው ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ተንጠለጠሉ፤ ከመንጠልጠል ግን አላለፉም። ወንበር አቀረብንላቸው፦ ወጥተው፣ አገጫቸውን ከብረቱ በላይ አድርገው፣ አምስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው እንዲወርዱ። መሳብ የማይችል ሰው የሚጀምረው ከመውረድ ነው፤ ያው ጡንቻ ነው የሚሠራው። ጋሼ ቀጥ አድርገው ወረዱ። «አያችሁ? መውረዱን እችልበታለሁ!»

እትዬ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ፣ «እንዴት አትችልበት፣ ከተሾምክበት ሁሉ ስትወርድ አይደል የኖርከው!» አሏቸው።