89 ከየት መጣ?

«ልጄን 47 እና 38ን በቃልሽ ደምሪ ስላት 89 አለችኝ። 38ን 40 አድርጌ ነው የሠራሁት ትላለች። ስህተቱ የእሷ ነው ወይስ የዘዴው?» ብላ የጠየቀችኝ አንዲት እናት ናት።

ዘዴው ደህና ነው። ልጅቷም አብዛኛውን መንገድ በትክክል ሄዳለች። 47 ላይ 40 ጨምራ 87 ደርሳለች። እዚህ ድረስ ምንም እንከን የለም። ከዚያ 2 መቀነስ ሲገባት 2 ጨመረች። መልሱ 85 ነበር።

ይህን ያወቅኩት ከራሱ ከ89 ነው። 85 እና 89 በ4 ይራራቃሉ። 4 ደግሞ የ2 እጥፍ ነው። ማስተካከሉን ረስታው ቢሆን ኖሮ 87 ላይ ትቆም ነበር፤ ልዩነቱም 2 ብቻ ይሆን ነበር። እጥፍ ሆኖ ሲመጣ ግን ማስተካከል እንዳለባት አውቃለች ማለት ነው። የዞረባት አቅጣጫው ብቻ ነው። የተሳሳተ መልስ ላይ ኤክስ አድርጎ ማለፍ የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። ሁለቱ ስህተቶች አንድ አይደሉም፤ አንድ ዓይነት እርማትም አይበቃቸውም።

አቅጣጫው ለምን ዞረባት? እኔ እንደሚመስለኝ፣ መጀመሪያ 38 ላይ 2 ጨምራለች፣ ጥያቄውም የመደመር ነው። ሁሉም ነገር «ጨምሪ» እያላት ስለሆነ መጨረሻ ላይም ጨመረች። ብዙዎቻችን እዚህ ጋ የምናደርገው አንድ ነገር አለ። «ከፍ ካደረግሽ በኋላ ቀንሺ» የሚል ሕግ እናስይዛታለን። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

በሕጉ ፈንታ ጠጠር አምጡ። በአንድ በኩል 47፣ በሌላ በኩል 40 ጠጠር ይቀመጥ። ሁለቱን ክምር ትደባልቅና 87 ይሁኑ። አሁን ጠይቋት፦ «ስንት ጨምሪ ተባልሽ? ስንት ጨመርሽ?» 38 ተብላ 40 እንደጨመረች ራሷ ትናገራለች። ሁለቱ ጠጠሮች ትርፍ ናቸው። ትርፍ ነገር ምን እንደሚደረግ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም፤ እጇ ራሱ አንስቶ ያወጣቸዋል። ጠጠሩ ከተነሳ በኋላም ጥያቄው ይቅር አይባል። በቃሏ ስትሠራ «ስንት ትርፍ ጨመርኩ?» እያለች ድምፅ አውጥታ ትጠይቅ።

ሕጉን የምቃወመው መቀነስ ላይ ሲደርስ ስለሚከዳ ነው። 83 ሲቀነስ 29ን እንውሰድ። 29ን 30 እናደርገዋለን። 83 ሲቀነስ 30፣ 53 ነው። «ከፍ ካደረግሽ በኋላ ቀንሺ» የሚለውን የሸመደደች ልጅ 1 ቀንሳ 52 ትላለች። ግን የተባለችው 29 እንድትወስድ ነው፤ እሷ 30 ወሰደች። አንዷን ያለአግባብ ስለወሰደች መመለስ አለባት። መልሱ 54 ነው። እዚህም ስህተቱ እጥፍ ሆኖ እንደመጣ ልብ በሉ፤ 54 እና 52 በ2 ይራራቃሉ፣ 2 ደግሞ የ1 እጥፍ ነው።

«ታዲያ እንደ ደብተሩ ለምን አትሠራውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ወረቀት ላይ እስማማለሁ። በቃል ግን 7 እና 8 ደምሮ 15፣ 5ን ይዞ፣ 1ን በእጅ አድርጎ፣ ከዚያ 4 እና 3 ላይ ያቺን 1 ጨምሮ 8 ማለት ብዙ ነገር በአንዴ ማስታወስን ይጠይቃል። መጨረሻ ላይም ቁጥሩን ገልብጦ ማንበብ አለ፤ መጀመሪያ የተገኘው 5 ነው፣ መጀመሪያ የሚጠራው ግን ሰማንያው ነው። 40 ጨምሮ 2 ማውጣት ላይ በቃል የሚያዘው ያቺ 2 ብቻ ናት።

ይህ ማለት ዘዴው ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። የሚጥመው ከቁጥሮቹ አንዱ በ7፣ በ8 ወይም በ9 ሲያልቅ ነው። 43 እና 34 ላይ 34ን 40 አድርጎ 6 መቀነስ ድካም ነው፤ አስሩን ከአስር፣ አንዱን ከአንድ ደምሮ 77 ማለት ይቀላል። ሁለቱም ቁጥሮች ለድፍን መቶ ሲጠጉ ደግሞ ሁለቱንም ከፍ ማድረግ ይቻላል። 298 እና 399፣ 300 እና 400 ሆነው 700 ይሰጣሉ። ትርፉ ከአንዱ 2፣ ከሌላው 1፣ በድምሩ 3 ስለሆነ መልሱ 697 ነው። እዚህ ልጆች የአንዱን ትርፍ አውጥተው የሌላውን ይረሳሉ። 698 ወይም 699 ከሰማችሁ የትኛው እንደተረሳ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ለእናትየው የምመክራት፣ በጠጠር ከሠሩ በኋላ ሌላ መደመር እንዳትሰጣት ነው። 83 ሲቀነስ 29ን ትስጣት። 52 ካለች ሕግ ይዛለች ማለት ነው፤ ወደ ጠጠሩ ይመለሱ። 54 ካለች ገብቷታል።