ስም የማይጠሩት ጠበቃ

የጠበቆቻችንን ምስጢር ጠባቂነት የሚጠራጠር ካለ፣ ድረ ገጽ ላይ የሚለጥፉትን የሙያ መግለጫ ያንብብ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣ ጠበቃ በደንበኛው አቤቱታ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የእኛዎቹ ግን ለሕጉ ሳይሆን ለጨዋነታቸው ሲሉ የደንበኛ ስም በአፋቸው አይዞርም።

የአንዱን አንጋፋ መግለጫ እንይ፤ ብዙዎቹን ስለሚመስል እሳቸው አልመሰክርም ካሉ ሌላ ይመሰክራል። የሥራ ዘርፋቸው ከአቪዬሽን ሕግ እስከ ማዕድን ይዘረጋል፤ ያሸነፏቸው ጉዳዮች ግን ሁሉም ውርስ ናቸው። ከመካከላቸው የሚኮሩበት ይህ ነው፦

«በመርካቶ ባለ አምስት ፎቅ የጨርቅ ሕንፃ ላይ በተነሳ የኑዛዜ ክርክር፣ ከእንጀራ እናታቸው ጋር ለተካሰሱ የበኩር ልጅ ቆሜ በከፍተኛ ፍርድ ቤት አሸንፌያለሁ። የደንበኛዬ ስም ምስጢር ነው።»

ጥንቃቄያቸው ያስቀናል! ሰፈሩ አለ፣ ፎቁ አለ፣ የሚሸጠው ዕቃ አለ፣ የቤተሰቡ ጠብ አለ። ስሙ ብቻ የለም። እሱንም የመርካቶ ተሸካሚ ሸክሙን ሳያወርድ ይነግራችኋል።

ችሎቱ ግልጽ ነበር፣ ምኑ ምስጢር ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በመዝገቡ የሰፈረውን ማንም ያየዋል። ጠበቃው ግን ለመዝገቡ ብቻ የሚረኩ ሰው አይደሉምና ቀጠሉ፦ «ድሉ የስልት ውጤት ነው። ከኑዛዜው አራት ምስክሮች አንዱ ሲነበብ በቦታው እንዳልነበረ ከደንበኛዬ በጊዜ በመረዳቴ፣ እሱን ሳልጠራ በሦስቱ ብቻ ተከራከርኩ።»

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ ፈራሽ ነው ይላል። ደንበኛው ይህን የነገራቸው በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ለእናቱ ልጆች እንኳ ያልነገረውን።

ደግሞ ማስታወቂያ የማያውቁ ደረቅ ጠበቆች አሉ። «በኑዛዜ ክርክር ለወራሽ ቆሜያለሁ» ብለው ያልፋሉ፤ ሰፈር የለ፣ ፎቅ የለ፣ ስልት የለ። ከዚህ የበለጠ ለመጻፍ ሲያምራቸው ረቂቁን ለደንበኛው አሳይተው ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበላሉ። ደንበኛው እንቢ ካለ ይተዉታል! እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይታወቃል?

የእኛው ጠበቃ ግን ታወቁ። የእንጀራ እናቲቱ አዲስ ጠበቃ መግለጫውን አትመው፣ ዳኝነት እንደገና እንዲታይ በሚጠይቀው አቤቱታ ላይ በማስረጃነት አያይዘውታል። እሳቸውም ባልደረባን ላለማሳጣት ብለው በአቤቱታው የጠበቃውን ስም አልጠሩም፤ ከነፎቷቸው ተያይዟልና።