የእህት ልጅ ካዝና ትያዝ?

ጥያቄው፦ «14 ሠራተኞች ያሉን ትንሽ ድርጅት ነን። ለገንዘብ ያዥ ቦታ ማስታወቂያ ወጥቷል። ካመለከቱት አንዷ የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ናት፣ ዲግሪዋም ይፈቅድላታል። ፈተናውን አዘጋጅ የተባልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ትወዳደር ወይስ ትቅር?»

የማተሚያ ቤት ባለቤት፦ መወዳደር ምን ያደርጋል፣ ትቀጠር! ትንሽ ቤት ውስጥ ካዝና የሚሰጠው ለሚታመን ሰው ነው። እኔ ባዳ ቀጥሬ አይቻለሁ። ዋስ አምጥቶ ነበር፣ ጉድለት ተገኘበትና ጠፋ። ዋሱን ፍለጋ ብሄድ እሱም የዋስትና ደብዳቤ ከጻፈለት መሥሪያ ቤት ለቋል። አሁን የወንድሜ ልጅ ነው ያለው፣ ቢያጎድል አባቱን የት እንደማገኘው አውቃለሁ። ደግሞ የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር አለ። ካልቻለች ትሰናበታለች፣ አለቀ።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ ስርቆት ነው። ጥያቄው ስለ ውድድር ነው። ያለ ማስታወቂያ ቢቀጥሯት ኖሮ ቢያንስ ማንንም አላታለሉም። ማስታወቂያ ከወጣ ግን ሰው የታክሲ ከፍሎ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል። ለይስሙላ ከሆነ ያንን ሰው ምን ሊሉት ነው?

የሙከራ ጊዜውንም ላንሳ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል፣ እውነት ነው። ግን የእህቱን ልጅ በ60 ቀን ውስጥ የሚያሰናብት አጎት አይተዋል? «ትለምደዋለች» እየተባለ ቀኑ ያልፋል። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ሠራተኛ ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልጋል።

የማተሚያ ቤት ባለቤት፦ እሺ ትወዳደር። ካሸነፈች ግን ዘመድ ናት ተብላ ልትቀር ነው? ይሄም እኮ ግፍ ነው።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ እዚህ ላይ ልክ ነዎት፣ መቅረት የለባትም። ግን ማሸነፏ በምን ይታወቃል? አንድ የማውቀውን ላንሳ። ጽሑፍ ፈተና ከ50፣ ቃለ መጠይቅ ከ30፣ ልምድ ከ20 ነበር። አንዷ ተወዳዳሪ 43፣ 20 እና 14 አምጥታ 77 ሆነች። ዘመድየዋ በጽሑፍ 33፣ በልምድ 16 አገኘች። በቃለ መጠይቁ ግን 29 ተሰጣትና በ78 አለፈች። ፈተናው የቀን ሂሳብ መዝጋት ነበር፤ ደረሰኝ፣ ወጪና በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ማመሳከር። እሱን ያልቻለች ልጅ በወሬ 29 ከየት አመጣች? አለቃው መሀል ተቀምጦ ነበራ! ሁለቱ ፈታኞች ፊቱን እያዩ ነው ነጥብ የጻፉት።

ስለዚህ ጠያቂው ወንድሜ፣ ማመልከቻ ሳይከፈት የነጥብ አከፋፈሉን ጽፈህ አስፈርም። አለቃህ ዝምድናውን በጽሑፍ ያሳውቅና ከጥያቄ ዝግጅትም ከቃለ መጠይቅም ይውጣ። የፈተና ወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ። ቃለ መጠይቅ ላይ እያንዳንዱ ፈታኝ ሳይነጋገር ነጥቡን ጽፎ ያስረክብ፣ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ነው።

የማተሚያ ቤት ባለቤት፦ አወይ እህቴ፣ ትልቅ ቢሮ አስለምዶሻል። 14 ሰው ውስጥ ፈታኙ ማነው? ደሞዙን አለቃው የሚከፍለው ሰው ነው። ቁጥር ብትጽፊ የእጅ ጽሑፏን ያውቀዋል፣ ባያውቀውም ማን እንደሆነች ሰምቷል።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ይሄ እውነት ነው፣ ሙሉ መድኃኒት የለኝም። በየወሩ ግብር የሚያሳውቅላቸው የውጭ ሂሳብ ባለሙያ ካለ ፈተናውን እሱ ያውጣ፣ እሱ ያርም። እሱም ቢሆን የሚከፈለው እዚያው ነው፣ ግን ቢያንስ ጠዋት ጠዋት አለቃውን አይጠብቅም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቦታው ነው። አጎት ወጪ ያጸድቃል፣ የእህት ልጅ ትከፍላለች። ድንገተኛ የካዝና ቆጠራ ማን ሊያደርግ ነው? ጉድለት ቢገኝ ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል? ቦታው የእንግዳ ተቀባይ ቢሆን ይህን ያህል አልከራከርም ነበር። ብታሸንፍ እንኳ አጽዳቂው ሌላ ሰው ካልሆነ ካዝናው ላይ አትቀመጥ።

የማተሚያ ቤት ባለቤት፦ እና ለእህቱ ምን ይበላት? በዓል ሲመጣ አብረው ነው የሚቀመጡት። «ልጄን ከበር መለስክ» ብትለውስ?

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ፈታኝ ካልነበረ «አላረምኩም፣ አላየሁም» ይላታል፣ ውሸትም አይሆንበትም። መርዳት ከፈለገ ከኪሱ የሂሳብ ሶፍትዌር ኮርስ ይክፈልላት፣ ሌላ ቦታ ስታገኝ ዋስ ይሁናት። ያ የእሱ ገንዘብና የእሱ ስም ነው። ክፍት ቦታው ግን የድርጅቱ ነው።

የማተሚያ ቤት ባለቤት፦ ድርጅቱ የራሱ ከሆነስ?

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ጠያቂው ሥራ አስኪያጅ ነው ያለው፣ ባለቤት አላለም። ባለቤቱ ራሱ ከሆነ ጭቅጭቁ ሌላ ነው። ያኔም ቢሆን ማስታወቂያውን ያንሳው።

የማተሚያ ቤት ባለቤት፦ ቁጥሩን እቀበላለሁ፣ ለሚቀጥለው ቅጥር እሞክረዋለሁ። ከቃለ መጠይቅ ውጣ ያልሽው ግን አይዋጥልኝም። ፊቱን ላላየሁት ሰው ቁልፍ አልሰጥም።